«ሰላምታችን ይድረሳችሁ» ቡና አይሸጥም

አንድ ቡና ላኪ ወዳጄ «ስልሳ ኢሜይል ልኬ አንድ መልስ አጣሁ፤ ፈረንጆቹ ንቀውናል» አለኝ። ደብዳቤውን አሳየኝ አልኩት። እንዲህ ይጀምራል፦ «በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እያቀረብን፣ ድርጅታችን በ2008 ዓ.ም. ተቋቁሞ ጥራት ያለው የኢትዮጵያ ቡና ለዓለም ገበያ የሚያቀርብ መሆኑን ስንገልጽላችሁ በታላቅ ደስታ ነው።»

የናቀው የለም። ሃምቡርግ ውስጥ ቡና ቆልቶ የሚሸጥ ሰው ስልኩ ላይ መጀመሪያ የሚያየው የላኪውን ስም፣ ርዕሱንና ጥቂት የመክፈቻ ቃላትን ነው። ወዳጄ ያቺን ቦታ በሰላምታና በልደት ቀን ሞላት። የሚሸጠው ቡና ዝርዝር የተጠቀሰው አራተኛው አንቀጽ ላይ ነው፤ እዚያ የደረሰ አንባቢ ግን የለም።

ይህ የቢሮ ደብዳቤ በሽታችን ነው። ለመሥሪያ ቤት ስንጽፍ ተቀባዩ ማንበብ ግዴታው ስለሆነ ማንነታችንን እናስቀድማለን። የማያውቀን ገዢ ግን ምንም ግዴታ የለበትም።

እንግዲህ ገዢው ምን ይፈልጋል? አንድ ኮንቴይነር 320 ጆንያ፣ ማለትም 19.2 ቶን ይይዛል፤ ትንሽ ቆይ ይህን ሁሉ መግዛት አይችልም። ሁለተኛው ጭንቀቱ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ሕግ ነው። መጀመሪያው ደጋግሞ ቢራዘምም፣ ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ ይጠይቃል። በቀጥታ ከገዛ ደግሞ አስመጪው እሱ ራሱ ነው።

ስለዚህ መክፈቻውን እንዲህ ለወጥነው፦

«ድረ ገጻችሁ ላይ የነበረው የታጠበ ይርጋጨፌ አልቋል፤ ከዚያው ወረዳ 40 ጆንያ አለን፣ ከሌሎች ገዢዎች ጋር በአንድ ኮንቴይነር ይጫናል።
የ212ቱም ገበሬዎች ማሳ መገኛ ተመዝግቧል፤ ለኅብረቱ ሕግ የሚያስፈልጋችሁ መረጃ አብሮ ይላካል።»

ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ «300 ግራም ናሙና ልላክላችሁ?» የድርጅቱ ታሪክ ከፊርማው በላይ በአንድ መስመር አለቀ።

«ያለ ሰላምታ መጀመር ብልግና አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ስሙን ጠርታችሁ «ጤና ይስጥልኝ» በሉ፤ ሁለት ቃል ይበቃል። ብልግናስ የማያውቃችሁን ሰው አራት አንቀጽ ማስጠበቅ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ያቺ የመጀመሪያ መስመር ለአንድ ገዢ ብቻ የተጻፈች ናት። ለስልሳ ሰው ከገለበጣችኋት፣ ይርጋጨፌ ሸጦ የማያውቀው ሰው ውሸታችሁን ወዲያው ይይዛል። መገኛው ያልተመዘገበ ማሳ ካለም «የሁሉም» አትበሉ፤ ሰነዱ ሲጠየቅ ገበያውም ስማችሁም አብረው ይሄዳሉ።

ከመላካችሁ በፊት ለራሳችሁ ስልክ ላኩት፤ ሳትከፍቱት ዝርዝሩ ላይ አንብቡት። ምን እንደምትሸጡ እዚያው ካልታየ፣ ገዢውን ከመውቀሳችሁ በፊት ደብዳቤውን ቅደዱት።