በየወሩ ሳናውቀው የሚቆረጥ ብር

ጡረታ የወጡ መምህርት የሆኑት ጎረቤቴ ሰሞኑን «ከባንክ ሂሳቤ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይጎድላል፤ ማን እንደሚወስደው ግን አላውቅም» አሉኝ። የስልካቸው የባንክ መተግበሪያ የሚያሳየው የቅርብ ቀናትን እንቅስቃሴ ብቻ ስለነበር፣ መታወቂያ ይዘን ቅርንጫፉ ሄድንና የ13 ወር ስቴትመንት አሳተምን። 13 ያልነው በምክንያት ነው። እንደ ኤቲኤም ካርድ ክፍያ በዓመት አንዴ የሚቆረጥ ነገር ተደጋጋሚ መሆኑ የሚታወቀው ሁለት ጊዜ ሲታይ ነው።

ቤት ገብተን ወጪ የተጻፈበትን ዓምድ ብቻ በእርሳስ ተከተልን። በዚህ ጊዜ ስም መፈለግ ብዙም አይጠቅምም፤ ማብራሪያው ብዙውን ጊዜ ያጠረ ወይም የተቆረጠ ነው። የሚፈለገው ተመሳሳይ የብር መጠን ነው። ቀኑ ራሱ ያሳስታል፤ በሂሳቡ በቂ ገንዘብ ካልነበረ ወይም ቀኑ እሑድ ከዋለ ክፍያው ወደፊት ሊገፋ ይችላል። ስቴትመንቱ የሚታተመውም በፈረንጆች ቀን ነው። በየወሩ በ5 የሚወጣ ክፍያ በ2017 ዓ.ም. አንዴ ጥር 28፣ ቀጥሎ የካቲት 26 ላይ ስለሚውል በእኛ አቆጣጠር ካስታወስነው አይገጥምልንም።

በዚህ መንገድ ሦስት መጠኖች ተደጋግመው ተገኙ፦ 5 ብር ከ75 ሳንቲም፣ 200 ብር እና 300 ብር።

የመጀመሪያውን ያወቅነው በስሌት ነው። 5 ብር ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲደመር 5.75 ይሆናል። ታክስ የተጨመረበት ትንሽ ክፍያ ሲያዩ የባንኩ የራሱ የአገልግሎት ክፍያ መሆኑን ይጠርጥሩ። የእሳቸው የአጭር መልእክት ክፍያ ነበር። ነገር ግን እሳቸው መልእክት ደርሷቸው አያውቅም! ባንኩ ሲጠየቅ መልእክቱ የሚላከው ከዓመታት በፊት ወደተዉት ስልክ ቁጥር ሆኖ ተገኘ። ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ደግሞ ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ስለሚችል፣ የሂሳባቸውን እንቅስቃሴ የማያውቁት ሰው ሲያነበው ከርሞ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ያንኑ ዕለት አስቀየሩ።

200ውና 300ው ግን ታክስ የለባቸውም፤ ማብራሪያቸውም STANDING ORDER ይላል። ይህ ማለት ደንበኛው ራሱ ፈርሞ «በየወሩ ይህን ያህል ወደዚህ ሂሳብ አስተላልፉልኝ» ብሎ የሰጠው ቋሚ ትዕዛዝ ነው። ምንጩን ለማግኘት ከአንዱ መስመር ላይ የማጣቀሻ ቁጥሩን ገልብጠን ሄድን። በበርካታ ባንኮች ይህ ቁጥር እንደ FT25036 ይጀምራል፤ 25 ዓመቱ፣ 036 ደግሞ የዓመቱ 36ኛ ቀን፣ ማለትም ፌብሩዋሪ 5 ነው። ሠራተኛዋ በቁጥሩ ግብይቱን ወዲያው ታገኘዋለች። እኛ ግን «አጥፊልን» ሳይሆን «የተፈረመበትን ቅጽ አሳዪን» አልናት።

200 ብሩ ከሦስት ዓመት በፊት ለቀው ወደሄዱበት ሰፈር ዕድር የሚሄድ ነበር። በ36 ወር 7,200 ብር ማለት ነው። ባንኩ ከዛሬ ጀምሮ ሊያቆመው ይችላል፤ ፈርመው ያዘዙትን ያለፈውን ክፍያ ግን መልሶ አያመጣም። ያንን መጠየቅ ያለባቸው የዕድሩን ዳኛ ነው። ዳኛውም «እኛ ዘንድ እኮ እስከ ዛሬ ያልተሰረዙ አባል ነዎት» አሏቸው። መልቀቃቸውን በቃል እንጂ በጽሑፍ አላሳወቁም ነበር። አሁን በደብዳቤ ለቀቁ፤ ትዕዛዙም ተሰረዘ።

የ300 ብሩን ቅጽ ሲያዩ ግን ዝም አሉ። ፊርማው የራሳቸው ነው፤ ዓመቱ 2009 ነው፤ ተቀባዩ ደግሞ በመጀመሪያዋ የልጅ ልጃቸው ስም የተከፈተ የልጆች ቁጠባ ሂሳብ ነው። በተወለደች ሰሞን ከባለቤታቸው ጋር ሄደው ያዘዙት ነበር። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ጉዳዩን የሚያነሳ ሰው ስላልነበረ ተረሳ። በስምንት ዓመት ወለዱን ሳይጨምር 28,800 ብር ተጠራቅሟል። ቅርንጫፉ እንደገባን «ሁሉንም አቁሙልኝ» ብለው ቢሆን ኖሮ እሱም አብሮ ይቆም ነበር።

መምህርቷ አሁን በማስታወሻ ደብተራቸው ጀርባ መጠኑን፣ የተቀባዩን ሂሳብ፣ የታዘዘበትን ቀንና ምክንያቱን ጽፈው ለሴት ልጃቸው አሳይተዋል። ከሁሉ በላይ የተጻፈው የ300 ብሩ ነው፤ እሱ ይቀጥላል።