ከአንቀጽ መጨረሻ ሊቆረጥ የሚገባው ዓረፍተ ነገር

በምርምር ጽሑፎቻችን ውስጥ አንድ ልማድ ሥር ሰድዷል። አንቀጹ የሚለውን ብሎ ከጨረሰ በኋላ «ስለዚህ» ወይም «በአጠቃላይ» ብሎ የሚጀምር፣ ያንኑ ነጥብ በብሩህ ቃላት የሚደግም ዓረፍተ ነገር ይከተለዋል። ልማዱ አንቀጽ ሁሉ መሪ ሐሳብ፣ ማብራሪያና መደምደሚያ ሊኖረው ይገባል ከሚለው የክፍል ትምህርት የተወረሰ ይመስላል። በእኔ እምነት ይህ ዓረፍተ ነገር ግኝትን ስለሚያዛባ ሊቆረጥ ይገባዋል።

በምዕራብ ሐረርጌ የማሽላ ዋነኛ ጠላት ከሆኑት አንዱን፣ አቀንጭራን፣ እንውሰድ። ለማሳያነት ያዘጋጀሁት አንቀጽ እንዲህ ይላል፦

«በመቻራ አካባቢ በሁለት የአርሶ አደር ማሳዎች ላይ በአንድ የምርት ዘመን በተደረገ ሙከራ፣ ጎቢዬ በተሰኘው ዝርያ መደብ ላይ የበቀለው አቀንጭራ ከአካባቢው ዘር መደብ ያነሰ ነበር። በእህል ምርት ረገድ ግን በሁለቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ጎቢዬ የአቀንጭራን ችግር በመፍታትና የአርሶ አደሩን ሕይወት በማሻሻል ረገድ ከፍተኛ ሚና ይጫወታል።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ድግግሞሽ ይመስላል፤ ሆኖም ሦስት ነገሮችን ሰውሯል። ሁለቱ ማሳዎች ጠቅላላ አካባቢ ሆነዋል፤ አንዱ የምርት ዘመን ጠፍቷል፤ የምርት ልዩነት አለመታየቱም ተረስቷል። ጥቅሱን የሚወስድ ሌላ ተመራማሪ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚወስደው ይህንኑ ዓረፍተ ነገር ነው።

አሁን እንቁረጠው። አንቀጹ «ጉልህ ልዩነት አልታየም» በሚለው ላይ ይቆማል፤ አንባቢም ወዲያው ይጠይቃል፦ አረሙ ካነሰ ምርቱ ለምን አልጨመረም? ለዚህ ጥያቄ ተገቢ መላ ምቶች አሉ። አቀንጭራ ከአፈር በላይ ከመታየቱ በፊት ሥር ላይ ተጣብቆ ማሽላውን ይጎዳልና የበቀለውን መቁጠር ጉዳቱን ሙሉ በሙሉ አይለካም። የዝናብ እጥረት ወይም የአፈር ለምነት ማነስ ሁለቱንም ዝርያዎች እኩል ገድቦ ሊሆን ይችላል። የመደቦቹ ቁጥር አነስተኛ ከሆነም እውነተኛ ልዩነት ሳይታይ ሊቀር ይችላል። ቀጣዩ አንቀጽ ሊመረምር የሚገባው ይህንን ነበር፤ ብሩሁ መደምደሚያ ግን ጥያቄው ከመነሣቱ በፊት በሩን ዘጋው።

መለያው ቀላል ነው። የአንቀጹን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር በእጅ ሸፍኖ ቀሪውን ማንበብ ነው። የጎደለ መረጃ፣ ሁኔታ ወይም አዲስ ድምዳሜ ከሌለ ይቆረጥ። «ሚና ይጫወታል»፣ «በግልጽ ያሳያል»፣ «ወሳኝ ነው» የሚሉ ሐረጎች ሲገኙ ጥርጣሬው ይጠንክር።

መደጋገም ስፍራ የለውም ማለቴ አይደለም። አኅጽሮተ ጥናትና የጽሑፉ ማጠቃለያ የተለዩት ለዚሁ ነው። እንዲሁም አንቀጽን የሚዘጋ ዓረፍተ ነገር ሁሉ ትርፍ አይደለም፤ ከላይ ባለው ምሳሌ «ሙከራው በሌላ የምርት ዘመን አልተደገመም» የሚል ቢጨመር፣ በደስታው ዓረፍተ ነገር ቦታ ሊቀመጥ የሚገባው እርሱ ነበር።