በዱቤ የሚሸጥ ነጋዴም መዝገቡን ይክፈት

ስለ ተንቀሳቃሽ ንብረት የዋስትና መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011፣ ቤትና መሬት የሌለው ሰው በማሽኑ፣ በከብቱ፣ በመጋዘን ባለው እህል ወይም ከደንበኞቹ በሚሰበስበው ገንዘብ እንዲበደር በር ከፍቷል። ባንኮች ይህን በሚገባ ያውቁታል። ብዙዎች ያልተረዱት የአዋጁን ሌላኛውን ግማሽ ነው። ተበዳሪው መክፈል ሲያቅተው በአንድ ንብረት ላይ ሁለትና ሦስት አበዳሪ ይመጣል፤ ማን ቀድሞ እንደሚወስድ የሚለየውም በዋናነት በብሔራዊ ባንክ ሥር በተቋቋመው የመያዣ መዝገብ የገባው ማስታወቂያ ነው።

አንድ የዱቄት ፋብሪካ እናስብ። ባለቤቱ ከባንክ 3 ሚሊዮን ብር ይበደራል፤ ባንኩም «አሁን ያለውና ወደፊት የሚገኘው ማሽን ሁሉ» በሚል አስመዝግቦ ይቀመጣል። በዓመቱ ፋብሪካው አዲስ ወፍጮ ይፈልጋል። አቅራቢው ዋጋው 2 ሚሊዮን ብር የሆነውን ወፍጮ በ500 ሺህ ብር ቅድሚያ ክፍያ ያስረክበዋል፤ ውሉ ላይ «ቀሪው እስኪከፈል ንብረቱ የሻጩ ነው» ተብሎ ይጻፍና ይፈረማል፣ ይታተማል። ከወራት በኋላ ፋብሪካው ይዘጋል፤ ወፍጮው በሐራጅ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ያወጣል።

አቅራቢው ያንን ውል ይዞ ፍርድ ቤት ቢሮጥ፣ ካላስመዘገበ በባንኩ ላይ አያሸንፍም። ውሉ በሻጭና በገዢ መካከል የጸና ሊሆን ይችላል፤ ተወዳዳሪ አበዳሪን የሚያስቆመው ግን ምዝገባው ነው። ባንኩ ስለ ወፍጮው ዱቤ ሰምቶ ነበር ማለትም አይጠቅመውም። ቅድሚያን የሚለየው የምዝገባ ቅደም ተከተል ነው፤ ማን ምን ያውቅ ነበር የሚለው ክርክር ከገባማ የትኛውም ደረጃ እርግጠኛ አይሆንም። ስለዚህ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብሩ ለባንኩ ይሄዳል፣ አቅራቢው ባዶ እጁን ይቀራል።

አቅራቢው ግን ወፍጮውን ከማስረከቡ በፊት ማስታወቂያ አስመዝግቦ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ይገለበጥ ነበር። ለንብረቱ መግዣ ዱቤ ወይም ገንዘብ የሰጠ አበዳሪ፣ በወቅቱ ካስመዘገበ፣ በዚያ ንብረት ላይ ብቻ ከቀዳሚው ባንክ ይቀድማል። ይህ ልዩ ቅድሚያ ለአቅራቢ የተደረገ ውለታ አይደለም። ወፍጮው ያለ እሱ ዱቤ ወደ ፋብሪካው አይገባም ነበር፤ ባንኩ ሲያበድርም ይህን ወፍጮ ቆጥሮ አላበደረም። ደንቡ ባይኖር ኖሮ የመጀመሪያው ባንክ ተበዳሪውን ለዘለዓለም ከሌላ ዱቤ አቅራቢ ይዘጋው ነበር።

በእኛ እምነት ችግሩ ያለው አቅራቢዎች ከዚህ መዝገብ ውጭ በመሆናቸው ነው። ከማሽን አስመጪ እስከ ማዳበሪያ ሻጭ በዱቤ የሚሸጥ ሁሉ የሚታመነው በቼክ፣ በውልና በትውውቅ ነው። ብሔራዊ ባንክ ስለ መዝገቡ ማስተማሩን በባንኮች ሳይወስን ወደ ንግድ ምክር ቤቶች ይውረድ። አቅራቢውም ዕቃ ከመጫኑ በፊት በተበዳሪው ስም መዝገቡን ይፈልግ፣ ማስታወቂያውንም ያስገባ። የተበዳሪው ስም በመታወቂያው ወይም በንግድ ፈቃዱ ላይ እንዳለው መጻፍ አለበት፤ በስም አጻጻፍ የተሳሳተ ማስታወቂያ ፈላጊ ካላገኘው እንዳልተመዘገበ ሊቆጠር ይችላል።

ከባንኮችም የምንጠብቀው አለ። «ንብረቱን ሁሉ» የሚል ማስታወቂያ 3 ሚሊዮን ብር ላበደረ ባንክ 10 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ንብረት ያስይዛል፤ ሁለተኛ አበዳሪም መዝገቡን አይቶ ይሸሻል። ባንኩ የሚያስይዘውን ንብረት ለይቶ ይጥቀስ። ዕዳው ሲከፈል ደግሞ ማስታወቂያው በፍጥነት ይሰረዝ፤ ተበዳሪው የከፈለበትን ደረሰኝ ይዞ ቢሮ ለቢሮ እንዲለምን መደረግ የለበትም። በደረጃ የተሰለፉ አበዳሪዎች በስምምነት ቅድሚያቸውን መለዋወጥ እንደሚችሉም ብዙ ባለ ብድር አያውቅም፤ ሁለተኛ ብድር የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያውን ባንክ ይህን ሊጠይቅ ይችላል።

መዝገቡ ሁሉንም አያሳይም፤ እዚህ ላይ አበዳሪው ራሱን ማታለል የለበትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሥራ ግንኙነት የሚመነጭ የሠራተኛ ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች እንደሚቀድም ይደነግጋል። ወር ሙሉ የሠራ ሰው ደመወዙ መቅደሙን አንቃወምም። ነገር ግን ፋብሪካው ለሠራተኞቹ የስንት ወር እንዳልከፈለ ከመዝገቡ አይታወቅም፤ አበዳሪው የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ማየት ይኖርበታል። ሕግ አውጪውም ይህ ቅድሚያ በመያዣ የተጠበቀ ዕዳን እስከ ምን ያህል መጠንና ጊዜ እንደሚያሸንፍ በግልጽ ይወስን፤ የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ንግድ ሕግ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ሞዴል ሕግ አገሮች ቀዳሚ ዕዳዎችን ከነመጠናቸው እንዲዘረዝሩ የመከረው ለዚሁ ነው።