ክኒኑን ከጣርማ በር በፊት

በረጅም የአውቶቡስ ጉዞ ላይ የሚያጥወለውላቸውና የሚያስመልሳቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገር ይሠራሉ። ሌሊት ተነስተው ባዶ ሆዳቸውን ይሳፈራሉ፣ ያገኙት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ መድኃኒት የሚፈልጉት ደግሞ ማስመለስ ከጀመራቸው በኋላ ነው። ሦስቱም ሊስተካከሉ የሚችሉ ናቸው። በዛሬው ዓምዳችን ይህንን ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደሴ በኩል ወደ ሐይቅ ከተማና ወደ አርዲቦ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ላይ እንመለከታለን። መንገዱ ሜዳም፣ ቁልቁለትም፣ ዳገትም ስላለው ለሌላ ጉዞም ጥሩ መማሪያ ነው።

በመጀመሪያ ምክንያቱን እንይ። በውስጠኛው ጆሯችን ውስጥ እንቅስቃሴንና ሚዛንን የሚያውቅ ክፍል አለ። አውቶቡሱ ሲጠማዘዝ፣ ሲፈጥንና ፍሬን ሲይዝ ይህ ክፍል «እየተንቀሳቀስን ነው» ብሎ ለአንጎል ይናገራል። ዓይን ግን የፊት ወንበር ጀርባን ወይም የስልክ መስታወትን እያየ ከሆነ «የቆመ ነገር ነው የማየው» ይላል። አንጎል ሁለቱን ማስታረቅ ሲያቅተው ምራቅ መሙላት፣ ማዛጋት፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ማጥወልወል፣ በመጨረሻም ማስመለስ ይከተላል። ስለዚህ መነሻው ጨጓራ ሳይሆን የዓይንና የጆሮ አለመግባባት ነው። ቀጥሎ የምንሰጠው ምክር ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

የወንበር ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በእንግሊዝ አገር በታተመ ጥናት ከ3 ሺህ በላይ የአውቶቡስ መንገደኞች ተጠይቀው ነበር። ከፊታቸው ያለውን መንገድ ጭራሽ ማየት ያልቻሉት፣ በደንብ ከሚያዩት ጋር ሲነጻጸሩ የመታመም ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ትኬት ሲቆርጡ የሚጠይቁት «መስኮት ያለው» ብለው ብቻ አይሁን። ከሾፌሩ ጀርባ ወይም በበሩ በኩል ካሉት የመጀመሪያዎቹ ረድፎች፣ በፊት መስታወት መንገዱ የሚታይበትን ይምረጡ። ይህ ካልተገኘ በመኻል፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ወንበር ይሻላል። የመጨረሻው ረድፍ ከኋላ ጎማ ባሻገር ስለሚገኝ በየኩርባው ይወረወራል፣ በየጉድጓዱም ይነሳል። መኪና የማይስማማው ሰው ከዚያ ቢርቅ ይመረጣል።

ከተቀመጡ በኋላ ራስዎን ወንበሩ ላይ አስደግፈው ሩቅ ያለ ተራራ ወይም የመንገዱን መጨረሻ ይመልከቱ። በጎን መስኮት ሽው እያሉ የሚያልፉ ዛፎችን መከተል ያብሳል። ስልክ ማየትና ማንበብ የተከለከለ ይሁን። እንደ ጣርማ በር ዋሻ ያለ የሚታይ ነገር የሌለበት ቦታ ሲደርሱ ወይም ሲመሽ ዓይንዎን ጨፍነው መቆየት ይሻላል፤ ዓይን ሲዘጋ ቢያንስ አንዱ ተከራካሪ ዝም ይላል። ንጹሕ አየርም ይረዳል። በመስኮት ምክንያት «ብርድ ይመታናል» የሚል ክርክር ስለማይጠፋ፣ ሳይብስብዎ ለረዳቱና ለጎረቤትዎ አስቀድመው ቢነግሩ ጥቂት ገርበብ ማድረግ አያጣላም።

ወደ ምግብ ስንመጣ፣ «እንዳያስመልሰኝ ሳልበላ ልሂድ» የሚለው ሐሳብ ብዙ ጊዜ አይሠራም። ባዶ ሆድ ማጥወልወሉን አያስቀርም፤ ሲያስመልስ ደግሞ መራራ ሐሞት ብቻ ስለሚወጣ የበለጠ ያደክማል። ከመሳፈርዎ በፊት ትንሽ ደረቅ ዳቦ፣ ሙዝ ወይም አንድ ጭብጥ ቆሎ ይቅመሱ። በመንገድ ላይም በትንሽ በትንሹ ይብሉ፤ ውኃም በአንድ ጊዜ ጠርሙሱን ከመጨረስ በየጥቂት ደቂቃው መጎንጨት ነው። ተጠንቀቁ የምንለው በቁርስና በምሳ ማረፊያ ላይ ነው። ቅባት የበዛበት ጥብስ፣ ክትፎ ወይም በዘይት የተሞላ ፍርፍር ከጨጓራ ለመውጣት ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ቢራና አረቄም ሚዛንን ያዛባሉ፤ ከክኒኑ ጋር ሲደመሩ ደግሞ እንቅልፉን አደገኛ ያደርጉታል። ሎሚ ወይም ጤና አዳም ማሽተት የነዳጅና የላብ ሽታን ስለሚሸፍን አንዳንዱን ሰው ያሳርፋል። ጉዳት የለውም፤ ነገር ግን የመድኃኒትን ቦታ አይተካም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ መድኃኒቱ ሰዓት እንግባ። በመድኃኒት ቤቶች ለጉዞ ሕመም ከሚሰጡት መካከል አንዱ ዳይመንሃይድሪኔት ነው፤ ድራማሚን በሚለው የንግድ ስሙም ይታወቃል። ለአዋቂ የሚወሰደው ከ50 እስከ 100 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ሥራ ለመጀመር ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ይፈልጋል፤ ኃይሉም ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይቆያል። ሌላው ሜክሊዚን ነው። ከ25 እስከ 50 ሚሊ ግራም ከጉዞው 1 ሰዓት በፊት ይወሰዳል፤ እስከ 24 ሰዓት ሊያገለግል ይችላል፤ ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ግን አይመከርም።

ብዙዎች በስሙ የሚጠይቁት ፕላሲል ለሌላ ዓይነት ማስመለስ የሚታዘዝ ሲሆን የጉዞ ሕመምን አይከላከልም። የሚሠራው በአብዛኛው ከጨጓራ በሚነሳው ማስመለስ ላይ ነው፤ የጉዞው ግን የሚመጣው ከጆሮ በኩል ነው። «ፕላሲል ወስጄ እንኳ አስመለሰኝ» የሚል ሰው ችግሩ የሰውነቱ አይደለም፤ መድኃኒቱ የዚህ በሽታ ስላልሆነ ነው።

እንግዲህ አንዲት እናት ከ9 ዓመት ልጇ ጋር ሌሊት 11 ሰዓት ከአዲስ አበባ ተነስታለች እንበል። እናትየው በሜዳ መንገድ ደህና ናት፤ የሚያማት ጠመዝማዛ ላይ ነው። ልጇም እንደ እርሷ ነው። ልማዷ ክኒኑን 10 ሰዓት ላይ ከቤት ስትወጣ መዋጥ ቢሆን፣ የክኒኑ ኃይል ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ያልቃል። አውቶቡሱ ጣርማ በርን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለት የሚገባው ደግሞ በግምት በዚሁ ሰዓት ነው። ክኒኑ ያገለገላት እስከ ደብረ ብርሃን ባለው፣ ብዙም በማያስቸግራት መንገድ ላይ ነው ማለት ነው።

የተሻለው ይህ ነው። ደብረ ብርሃን ለቁርስ ሲቆም፣ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ፣ እናትየው 50 ሚሊ ግራም ትወስዳለች፤ ልጁ የዚያን ግማሽ፣ 25 ሚሊ ግራም ይወስዳል። ከዚያ ወደ ጣርማ በር 1 ሰዓት ያህል ስለሚቀር ክኒኑ በሚፈለግበት ቦታ ይደርሳል፤ ቁልቁለቱንም እስከ ሸዋ ሮቢት ይሸፍናል። ከሸዋ ሮቢት በአጣዬ እስከ ከሚሴ መንገዱ ይቀላል። ቀጣዩ ፈተና ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው የሐረጎ ዳገት ነው። አውቶቡሱ ከሚሴ ለምሳ 7 ሰዓት ቢቆም ከመጀመሪያው ክኒን 5 ሰዓት አልፏልና እናትየው ሁለተኛውን መውሰድ ትችላለች። ልጁ ግን ይጠብቃል፤ በዚህ ዕድሜ በሁለት ክኒን መካከል ቢያንስ 6 ሰዓት መሆን አለበት። ስለዚህ የእርሱ ሁለተኛ ግማሽ 8 ሰዓት ላይ፣ ኮምቦልቻ ከመድረሳቸው በፊት ይሆናል። አውቶቡሱ ቢዘገይ ወይም ቢፈጥን ሰዓቱ ይቀያየራል፤ ደንቡ ግን አንድ ነው፦ ከጠመዝማዛው 1 ሰዓት ቀድሞ፣ ከቀደመው ክኒንም የታዘዘውን ያህል ርቆ።

በመልስ ጉዞ ነገሩ ይገለበጣል። ከሐይቅ ከተማ ሲነሱ ወደ ደሴ መውጣት፣ ወዲያው ደግሞ ሐረጎን መውረድ ስላለ፣ አስቸጋሪው መንገድ የጉዞው መጀመሪያ ላይ ነው። ያን ቀን ክኒኑ ከቤት ሳይወጡ፣ ከመሳፈር 1 ሰዓት በፊት ይዋጣል፤ ሁለተኛው ሸዋ ሮቢት ከመድረስ ትንሽ ቀደም ብሎ ይሆናል። በሜዳም ቢሆን የሚያመው ሰው ግን በሁለቱም አቅጣጫ ከመነሳቱ በፊት መውሰድ አለበት። ለእንዲህ ዓይነቱ አዋቂ ቀኑን ሙሉ የሚቆየው ሜክሊዚን ሊመቸው ይችላል።

ማስመለስ ከጀመረ በኋላ የሚዋጥ ክኒን ብዙ ጥቅም አይሰጥም። ጨጓራ በዚያ ሰዓት ሥራውን ስለሚያቀዘቅዝ መድኃኒቱ ወደ ደም ሳይገባ ተመልሶ ይወጣል። ያን ጊዜ ክኒን መደራረብ አይገባም፤ ወደ ፊት ወንበር መዛወር፣ ዓይንን ጨፍኖ ራስን አለማንቀሳቀስና በሚቆምበት ቦታ ወርዶ መሬት መርገጥ ይሻላል።

እነዚህ መድኃኒቶች ያስተኛሉ፤ አፍ ያደርቃሉ፤ የዓይን እይታንም ሊያደበዝዙ ይችላሉ። ስለዚህ ሾፌር ወይም ደርሶ ሞተር ብስክሌት የሚነዳ ሰው አይውሰዳቸው። የዓይን ግፊት (ግላኮማ) ያለባቸው፣ በፕሮስቴት ምክንያት ሽንት የሚያስቸግራቸው፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች፣ እንዲሁም የእንቅልፍ ወይም የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚወስዱ አስቀድመው ባለሙያ ያማክሩ። ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን በራስ ፈቃድ ምንም አይስጡ፤ በተለይ ፕሮሜታዚን የተባለው የሕፃናትን ትንፋሽ ሊያፍን ይችላል። በዚህ ዕድሜ ያሉ ሕፃናት የጉዞ ሕመም እምብዛም አይዛቸውምና ሕፃኑ ደጋግሞ ካስመለሰው ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። የልጅ መጠን በዕድሜ ስለሚለያይ ከላይ የጠቀስነውንም ቢሆን ለልጅዎ የሚሆነውን ፋርማሲስቱን ጠይቀው ያረጋግጡ።

የጉዞ ሕመም ከመኪና ከወረዱ በኋላ ቀስ በቀስ ይለቃል። ሐይቅ ከተማ ሲደርሱ ገና የሚያጥወለውልዎ ከሆነ ወደ አርዲቦ የሚያደርሰውን ተጨማሪ ጉዞ ወዲያው አይጀምሩ፤ ጀልባ ላይም አይውጡ። አረፍ ብለው ውኃ ይጎንጩ፣ ጥቂት ዳቦ ይቅመሱ። ነገር ግን ማስመለሱ ከወረዱ ከብዙ ሰዓት በኋላም ካልቆመ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ወይም የአንድ ጎን መዛል ከታየ ወይም ያስመለሱት ደም ካለበት የመንገዱ ነው ብለው አይተዉት። መንገዱ ወባ በሚገኝባቸው ቆላማ ቦታዎችም ያልፋልና፣ ከጉዞ በኋላ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ የሚመጣ ትኩሳት በአቅራቢያዎ ባለ ጤና ጣቢያ ይመርመር።