ቆጣሪው አልዋሸም፣ ያነበበው ነው የሳተው

"መርፌው የተጠጋውን ቁጥር ውሰድ" የምትሉ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉ! አሜሪካ ያለ የድሮ ተማሪዬ የባለ መርፌ ቆጣሪውን ፎቶ ላከልኝ። አከራዩ 4995 ብሎ አንብቦ፣ ያለፈውን ወር 4652 ቀንሶ፣ የ343 ኪሎዋት ሰዓት አስከፍሎታል።

ጎን ለጎን ያሉት መርፌዎች በጥርስ ስለተያያዙ የሚዞሩት በተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ክብ ቁጥሩ የሚያድግበትን አቅጣጫ እዩና መርፌው መጨረሻ ያለፈውን ቁጥር ውሰዱ። እዚህ ሁለተኛው መርፌ 9 ላይ የቆመ ይመስላል። በስተቀኙ ያለው ሦስተኛው ግን በ9 እና በ0 መሀል ነው፤ ዙሩን ገና አልጨረሰም። እሱ 0ን ሳያልፍ ሁለተኛው 9 ሊሞላ አይችልም፤ 8 ነው!

ትክክለኛው ንባብ 4895፣ ፍጆታው 243 ነው። መቶ ኪሎዋት ሰዓት በባዶ ሜዳ! ወንድሜ፣ ፎቶውን ይዘህ ሂድና ብርህን አስመልስ።