የጎረቤትን ጉድጓድ ያደረቀ ጉድጓድ ሰደቃ ጃሪያ ይባላልን?



በየከተማችን ጥልቅ ጉድጓድ ማስቆፈር የሰደቃ ጃሪያ ቀዳሚ ምርጫ ሆኗል። አንዱ ጀመዓ ለመስጂዱ ያስቆፍራል፤ በዓመቱ ሌላው ከመቶ ሜትር በማይበልጥ ርቀት የራሱን ያስቆፍራል። የለጋሹ ስም በእብነ በረድ ላይ ይጻፋል፣ ቪዲዮ ይለቀቃል። ከወራት በኋላ የቀደመው ፓምፕ አየር መሳብ ሲጀምር ግን ቪዲዮ የሚቀርጽ የለም። «የአላህ ቀደር ነው» ተብሎ ይታለፋል። ቀደርማ ሁሉም ነገር ነው፤ ግን ሰበቡን የሠራነው እኛ ከሆንን መጠየቃችን አይቀርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመሬት በታች ያለው ውኃ በአሸዋ፣ በጠጠርና በተሰነጠቀ አለት ውስጥ ቀስ ብሎ ይጓዛል። ፓምፕ ሲነሳ በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው ውኃ ይወርዳል። ቅርጹ ተገልብጦ የተቀመጠ የጎጆ ጣሪያ ይመስላል፦ ጉድጓዱ ጋ ጥልቅ፣ ዳር ዳሩን እየሳሳ የሚሄድ። ፓምፑ በሠራ ቁጥር ይህ ጣሪያ ይሰፋል። የሁለት ጉድጓዶች ጣሪያዎች ሲነካኩ ደግሞ የሁለቱ መውረድ ይደመራል።

በምሳሌ እንየው። የሰፈሩ ነባር ጉድጓድ ሲያርፍ ውኃው 40 ሜትር ላይ ይቆማል እንበል። ፓምፑ 60 ሜትር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ሲሠራ ውኃው 57 ሜትር ድረስ ይወርዳል። ከፓምፑ በላይ የቀረው 3 ሜትር ብቻ ነው። አሁን በ50 ሜትር ርቀት አዲስ ጉድጓድ ተቆፈረና በሰከንድ 3 ሊትር ሌት ተቀን ይስባል። ውኃው ከላዩ ጥብቅ ሸክላ በተጫነው፣ መጠነኛ ውኃ በሚያሳልፍ ንጣፍ ውስጥ ከሆነ፣ በአንድ ወር ውስጥ በነባሩ ጉድጓድ ላይ 3 ሜትር ያህል ተጨማሪ መውረድ ያመጣል። ያችው የቀረችው 3 ሜትር አለቀች! አዲሱን 500 ሜትር ብናርቀው እንኳ በእንዲህ ያለ ንጣፍ 1 ሜትር ያህል ይወስዳል። ሸክላ ባልሸፈነው አሸዋ ግን ጉዳቱ በቅርቡ ያሉት ላይ ይበረታል እንጂ ያን ያህል ሩቅ አይደርስም። ስለዚህ መሬቱን ሳያጠኑ «ራቅ ብለን ነው የቆፈርነው» ማለት መልስ አይሆንም።

«ጠለቅ አድርጋችሁ ቆፍሩ» የሚሉም አሉ። ገንዘብ ያለው ይጠልቃል፤ ጎረቤቱም እሱን ተከትሎ ይጠልቃል። መጀመሪያ የሚደርቀው በእጅ የተቆፈረው የድሃው ጉድጓድ ነው። ውኃው ግን አንድ ንብርብር ውስጥ ያለ ከሆነ መጥለቁ አዲስ ውኃ አልፈጠረም፤ ድርሻን ብቻ ነጠቀ። ሐረማያን አስታውሱ። ሐይቁ ለአሥርት ዓመታት ሐረርን ያጠጣ ነበር። ለጫትና ለአትክልት መስኖ ከሐይቁም ከዙሪያው ጉድጓዶችም ተሳበ፣ ደለልም ተጨመረበት፤ በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ደረቀ። በቅርብ ዓመታት ውኃ ቢመለስበትም፣ ሐረር ግን ውኃዋን ከድሬዳዋ አቅጣጫ ከሩቅ እስከማምጣት ደርሳለች።

ዲናችን በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። ፉቀሃዎች «ሐሪም አል-ቢእር» ብለው የጉድጓድን ክልል ለይተዋል። ኢብኑ ማጃህ በዘገቡት ሐዲስ ለቆፋሪው በዙሪያው አርባ ክንድ ለከብቶቹ ማረፊያ ተሰጥቶታል፤ 20 ሜትር ገደማ ነው። ያ ግን የባልዲና የገመድ ዘመን ነበር። ኢማም ማሊክ ደግሞ ቁርጥ ልኬት ሳያስቀምጡ ጉዳቱን ተመልክተዋል። በገዛ ይዞታው ውስጥ የቆፈረ ሰው የጎረቤቱ ውኃ ቢቀንስ ይከለከላል ወይስ አይከለከልም በሚለው መዝሀቦች እንደተለያዩ እናውቃለን። ጥያቄያችን ግን ሌላ ነው፦ ባይከለከል እንኳ፣ ከአንዱ አፍ ነጥቆ ለሌላው ማጠጣት ሰደቃ ይባላል ወይ?

ስለዚህ ጀመዓዎች ገንዘብ ከመሰብሰባቸው በፊት ይህን ያድርጉ። በዙሪያው ያሉ ጉድጓዶችን ይቁጠሩ፤ ሁሉም ካረፉ በኋላ ንጋት ላይ የውኃቸውን ጥልቀት ለክተው ይመዝግቡ። አዲሱ ሲፈተሽ ቢያንስ 24 ሰዓት ያለማቋረጥ ይሳብ፤ ነባሮቹ አርፈው በየሰዓቱ ይለኩ።

ንባቡ ራሱ ይናገራል። አዲሱ ሲነሳ የነባሩ ውኃ ወርዶ፣ ሲቆም ከተመለሰ፣ ሁለቱ ይሻማሉ። ሁሉም አርፈውም የንጋቱ ልኬት ከዓመት ዓመት በተመሳሳይ ወቅት እየወረደ ከሄደ፣ ሰፈሩ በሙሉ ዝናቡ ከሚመልሰው በላይ እየሳበ ነው። የንጋቱ ልኬት ሳይለወጥ፣ ጎረቤትም ሳይስብ፣ እንደ ወትሮው ሲሳብ ብቻ በጣም የሚወርድ ከሆነ ግን ጎረቤትን አትውቀሱ፤ የራሳችሁ ጉድጓድ ማጣሪያ ሳይደፈን አይቀርም።

ሽሚያ ከታየ ሦስተኛ ጉድጓድ አይቆፈር። በዚያ ገንዘብ ከነባሩ ቧንቧ ይዘርጋ፣ ታንከር ይተከል፣ የመሳቢያ ሰዓት በተራ ይከፈል። በእብነ በረዱ ላይ ስማችን ላይጻፍ ይችላል። አጅሩን የሚጽፈው ግን እብነ በረድ አይደለም።

ወላሁ አዕለም።