ከረጢቱ ይቅደም
የፎገራን ሩዝ ለማስታወቂያ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ለማሣል የሚጻፉ ትእዛዞች ብዙ ጊዜ «ማራኪ፣ ዘመናዊ» ብለው ይጀምሩና ለሩዙ አንዲት ቃል ይተዉለታል። ያልተነገረውን ፕሮግራሙ አብዝቶ ካየው ነገር ስለሚሞላው፣ የፎገራው ሩዝ በሩቅ ምሥራቅ ሳህን ቀርቦ ቢመጣ አይደንቅም። እንደ እኔ መጀመሪያ ዕቃው ይጻፍ፦ አፉ የተከፈተ ባለ 5 ኪሎ ነጭ ከረጢት፣ ከፊቱ የፈሰሰ የተፈለፈለ ሩዝ። ቀጥሎ ቦታው፣ አጨዳ ያለፈበት የፎገራ ሜዳ፤ ከዚያም ብርሃኑ፣ ከጎን ዝቅ ብሎ የሚመጣ የጠዋት ፀሐይ፣ ፊት ለፊት ከበራ ፍሬው ተድበስብሶ አንድ ነጭ ክምር ይሆናልና። ካሜራው በከረጢቱ ቁመት ቀረብ ይበል፣ ጀርባው ይደብዝዝ፤ ስልቱ መጨረሻ ይምጣ። ፕሮግራሙ ይህን ቅደም ተከተል የግድ አይፈልግም የሚል ሰው እውነት አለው፤ ተራው የሚጠቅመው የቱ እንደተዘለለ ማየት ለሚፈልገው ጸሐፊ ነው። በከረጢቱ ላይ የሚወጣውን የአማርኛ ጽሑፍ ግን ተራም አያድነውም፤ ፊደሉ ተወላግዶ ሊወጣ ስለሚችል ከረጢቱ ያለ ጽሑፍ ይታዘዝና ስሙ በኋላ ይጻፍበት።